የቫት ሪፖርቱና ሌጀሩ በሳንቲም ሲለያዩ ለሶፍትዌር አቅራቢው ምን ተብሎ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ በአንድ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የምንጠቀመው ሶፍትዌር በየወሩ የሚያወጣው የቫት ሪፖርት ሌጀሩ ላይ ካለው የቫት ሂሳብ ጋር አይገጥምም። ልዩነቱ አንዳንዴ ጥቂት ሳንቲም ነው፣ አንዳንዴ ብር ከምናምን ይደርሳል። ለሸጠልን ድርጅት ደጋግሜ ጽፌያለሁ። «እኛ ጋ ችግር የለም፣ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው» ይሉኛል። ስህተት መሆኑን እንዲቀበሉኝ እንዴት አድርጌ ልጻፍላቸው?

ምላሽ፦ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ስህተት ነው። ማጠጋጋት ደንብ አለው፣ አንድ ሲስተም ደግሞ ለአንድ ኢንቮይስ ሁለት ደንብ ሊጠቀም አይገባም። የሚጽፉት ሪፖርት ይህንን ነጥብ በቁጥር ካሳየ «የማጠጋጋት ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አያስኬዳቸውም።

ቫት በሁለት መንገድ ይሰላል። አንደኛው እያንዳንዱን የኢንቮይስ መስመር ለብቻው በ15 በመቶ አስልቶ፣ እዚያው ሁለት አሃዝ ላይ አጠጋግቶ፣ ከዚያ መደመር ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ መስመሮቹን ደምሮ፣ በድምሩ ላይ ቫት አስልቶ አንዴ ብቻ ማጠጋጋት ነው። ሁለቱም መንገዶች በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። ውጤታቸው ግን ሁሌ አንድ አይሆንም። ከገለጹት ነገር ስነሳ የምጠረጥረው የእርስዎ ሶፍትዌር ኢንቮይሱንና የቫት ሪፖርቱን በድምር፣ ሌጀሩን ደግሞ በመስመር እያሰላ መሆኑን ነው። ግምት ስለሆነ መጀመሪያ እናረጋግጥ።

የአንድ ወር የቫት ሪፖርቱንና የቫት ሂሳቡን ዝርዝር ወደ ኤክሴል ያውጡ። በኢንቮይስ ቁጥር ያዛምዷቸውና አንዱን ከሌላው ይቀንሱ። ልዩነቱ ዜሮ ያልሆነውን ብቻ ያጣሩ። እዚህ ጋ የወሩን ጠቅላላ ልዩነት ማየት ብቻ ያታልላል። አንዱ ኢንቮይስ በአንድ ሳንቲም ከፍ፣ ሌላው በአንድ ሳንቲም ዝቅ ስለሚል እርስ በርስ ይጣፋሉ። በወሩ መጨረሻ አሥር ሳንቲም ብቻ የታየበት ወር ውስጡ ብዙ የተዛነፉ ኢንቮይሶች ሊኖሩት ይችላል። አቅራቢው ጉዳዩን ቀለል አድርጎ የሚያየውም የወሩን ድምር ብቻ ስለምንልክለት ነው።

ከተጣሩት ውስጥ አንድ ነገር ይፈትሹ። አንድን መስመር ማጠጋጋት ቢበዛ ግማሽ ሳንቲም ያዛንፋል። ድምሩን ማጠጋጋት ደግሞ ሌላ ግማሽ ሳንቲም ይጨምራል። ስለዚህ 3 መስመር ያለው ኢንቮይስ ከ2 ሳንቲም በላይ፣ 9 መስመር ያለው ከ5 ሳንቲም በላይ ሊለያይ አይችልም። ከዚህ ያለፈ ልዩነት ያለው ኢንቮይስ ካገኙ ጉዳዩ ሌላ ነው። ምናልባት ቅናሽ፣ ምናልባት የተሰረዘ ኢንቮይስ፣ ምናልባት የውጭ ምንዛሪ ይሆናል። እሱን ለብቻው ያስቀምጡትና ሌላ ሪፖርት ይጻፉበት። ሁለት ችግር በአንድ ደብዳቤ ሲላክ ሰፖርቱ ቀላሉን መልሶ ጉዳዩን ይዘጋዋል።

አሁን ችግሩን በትንሹ የሚያሳይ ምሳሌ ያስፈልገናል። እውነተኛ ኢንቮይስ አይላኩ። ሃያ መስመር፣ የደንበኛ ስም፣ ቅናሽና የትራንስፖርት ክፍያ ያለበት ሰነድ ሲደርሰው ፕሮግራመሩ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ የደንበኛዎን መረጃም ያለ ምክንያት ለሌላ ሰው ሰጡ ማለት ነው። በራስዎ የተሠራ ንጹህ ምሳሌ ይሻላል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፦ ሦስት መስመር፣ እያንዳንዱ 33.35 ብር።

የ33.35 ብር ቫት 5.0025 ነው። ሲጠጋጋ 5.00 ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 15.00 ብር። በሌላው መንገድ ድምሩ 100.05 ነው፣ ቫቱ 15.0075፣ ሲጠጋጋ 15.01። የአንድ ሳንቲም ልዩነት ይኸው። በኤክሴል እንዲህ ያረጋግጡት፦

```
=ROUND(B2*0.15,2)+ROUND(B3*0.15,2)+ROUND(B4*0.15,2)
=ROUND(SUM(B2:B4)*0.15,2)
```

`ROUND` የሚለውን አይተዉት። ሴሉ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ቁጥሩን አያጠጋጋውም፣ ከኋላ ያለውን ይደብቀዋል እንጂ።

ለምን ሦስት መስመር፣ ሁለት ቢሆንስ? ሁለት መስመር ቢሆን ድምሩ 66.70 ነው፣ ቫቱ ደግሞ 10.005። ይህ ቁጥር በትክክል ግማሽ ሳንቲም ላይ ያርፋል። ግማሽ ላይ የሚያርፍ ቁጥር ወደ ላይ ይጠጋጋ ወይስ ወደ ተጋማሽ አሃዝ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር አለው። አንዳንድ ፕሮግራም 10.01 ይላል፣ አንዳንዱ 10.00 ይላል። እንዲህ ያለ ምሳሌ ከላኩ ፕሮግራመሩ ወደዚያ ክርክር ይገባል፣ የእርስዎ ጉዳይ ይረሳል። 5.0025 እና 15.0075 ግን ከእነዚህ ከሁለቱ ደንቦች በየትኛውም ቢጠጋጉ ውጤታቸው አንድ ነው። ማምለጫ የላቸውም።

ምሳሌው ብቻውን አይበቃም። ከጎኑ የማይበላሽ ምሳሌም ይኑር። ሦስት መስመር ከማስገባት ይልቅ አንድ መስመር ላይ ብዛት 3፣ ዋጋ 33.35 ያስገቡ። ድምሩ ያው 100.05 ነው። አሁን ቫቱ ሁሉም ቦታ 15.01 ከሆነ ትልቅ ነገር አገኙ። ገንዘቡ አንድ ሆኖ የመስመሩ ብዛት ብቻ ሲቀየር ስህተቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ፕሮግራመሩ የትኛውን የኮዱን ክፍል መክፈት እንዳለበት ከዚህ ይረዳል። ሦስተኛም ይጨምሩ፦ ሦስት መስመር፣ እያንዳንዱ 33.31። እዚህ የመስመሮቹ ቫት ተደምሮ 15.00 ሲሆን የድምሩ ቫት 14.99 ነው። ልዩነቱ ወደ ተቃራኒው ዞረ። ይህ ደግሞ የወሩ ልዩነት ለምን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እንደሚል ያስረዳል።

ሙከራውን በዋናው ድርጅት ዳታ ላይ አይሥሩት። የኢንቮይስ ቁጥር ተከታታይ ነው፤ የሙከራ ሽያጭ አንዴ ፖስት ከሆነ የወሩ ቫት ውስጥ ይገባል። ብዙ የሂሳብ ሶፍትዌሮች የሙከራ ድርጅት ለመክፈት ይፈቅዳሉ። አዲስ፣ ባዶ ድርጅት ይክፈቱ። ሌላም ጥቅም አለው። አቅራቢዎች ከሚወዷቸው መልሶች አንዱ «ለእናንተ ተብሎ የተቀየረ ነገር ስላለ ነው» የሚል ነው። ችግሩ ምንም ባልተነካ ባዶ ድርጅት ላይ ከታየ ያ መልስ ይወድቃል።

ፖስት ካደረጉ በኋላ የጆርናሉን ዝርዝር ይክፈቱ። ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ የሚያዩት ይህን የመሰለ ነገር ነው፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ ዴቢት 115.06፤ ሽያጭ ክሬዲት 100.05፤ የሚከፈል ቫት ክሬዲት 15.00፤ የማጠጋጋት ልዩነት ክሬዲት 0.01። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት ነገሩን ሁሉ የደበቀችው። ሲስተሙ ዴቢትና ክሬዲት እንዲመጣጠን የተረፈችውን ሳንቲም በራሱ ወደ ማጠጋጋት ሂሳብ ወረወራት። ስለዚህ ትራያል ባላንሱ ይገጥማል። ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም። ቫቱን ከሪፖርቱ ጋር የሚያስታርቅ ሰው ካልኖረ ማንም አያያትም። እርስዎ ስላስታረቁ ነው ያገኙት።

አንድ ተጨማሪ ነገር ብቻ ያጣሩ። የቫት መስመሮቹን ሲያወጡ ኤክሴል ላይ አራት አሃዝ እንዲታይ ያድርጉ። 5.0000 ከሆነ ሲስተሙ በእርግጥ በመስመር አጠጋግቷል። 5.0025 ከሆነ ግን ሳያጠጋጋ አስቀምጦ ስክሪን ላይ ብቻ አሳጥሮ እያሳየ ነው። ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሪፖርቱም በዚያው መሠረት ይቀየራል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ብዙ ሰው ደረጃዎቹን በደንብ ይጽፍና «የሚጠበቀው ውጤት» ላይ ሲደርስ «ቫቱ ትክክል መሆን ነበረበት» ብሎ ያልፋል። ሪፖርቶች ተቀባይነት የሚያጡት እዚህ ጋ ነው። ለፕሮግራመሩ ትክክል የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም። የሚጠበቀው ነገር ቁጥር መሆን አለበት፣ ቁጥሩም መሠረት ሊኖረው ይገባል። መሠረቱን ከራሳቸው ቤት ይውሰዱት። ቅንብሩ ውስጥ ወይም የአጠቃቀም መመሪያው ላይ ቫት በሰነድ ድምር እንደሚሰላ የሚል ነገር ካለ እሱን ይጥቀሱ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለም መሠረት አለዎት፦ ያው ሲስተም ለደንበኛው ያተመው ኢንቮይስ 15.01 ይላል። ደንበኛው የከፈለው ይህንን ነው፣ ግብዓት ታክስ ሲያቀናንስም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሌጀሩ ከዚህ ሊለይ አይችልም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ። ቅንፍ ውስጥ ያለውን በራስዎ ይተኩ።

---

ርዕስ፦ ከአንድ በላይ መስመር ያለው የሽያጭ ኢንቮይስ ፖስት ሲደረግ ወደ ሌጀር የሚገባው ቫት ኢንቮይሱ ላይ ከታተመው ቫት በ0.01 ብር ይለያል

ቨርዥን፦ [«ስለ ፕሮግራሙ» በሚለው መስኮት ላይ የሚታየው ሙሉ ቁጥር]። ሙከራው የተሠራው ምንም ማሻሻያ በሌለው አዲስ የሙከራ ድርጅት ላይ፣ በአስተዳዳሪ መለያ ነው።

ቅንብር፦ ገንዘብ ብር፣ ሁለት አሃዝ። የቫት ኮድ አንድ፣ 15 በመቶ፣ ዋጋው ቫትን ሳይጨምር። የቫት ማጠጋጋት «በሰነድ»። ቅናሽ የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም።

ደረጃዎች፦
1. አዲስ የሽያጭ ኢንቮይስ ይክፈቱ፤ ማንኛውንም የሙከራ ደንበኛ ይምረጡ።
2. ሦስት የተለያዩ መስመሮች ያስገቡ። በእያንዳንዱ ብዛት 1፣ ዋጋ 33.35፣ ቫት 15 በመቶ።
3. ያስቀምጡና ፖስት ያድርጉ።
4. ኢንቮይሱን በህትመት እይታ ይክፈቱ፤ የቫቱን መጠን ይመዝግቡ።
5. የዚሁ ኢንቮይስ የጆርናል ዝርዝር ይክፈቱ፤ የሚከፈል ቫት ሂሳቡን ይመዝግቡ።
6. የዕለቱን የቫት ሪፖርት ያውጡ።

የሚጠበቀው፦ በሦስቱም ቦታ ቫቱ 15.01 (100.05 × 15% = 15.0075)። ወደ ማጠጋጋት ሂሳብ የሚገባ ነገር የለም። መሠረቱ «በሰነድ» የሚለው ቅንብርና ሲስተሙ ራሱ ያተመው ኢንቮይስ ነው።

የታየው፦ ኢንቮይሱ 15.01፣ የቫት ሪፖርቱ 15.01፣ ሌጀሩ 15.00። ቀሪው 0.01 ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ማጠጋጋት ልዩነት ሂሳብ ገብቷል። የቫት መስመሮቹ በአራት አሃዝ ሲታዩ እያንዳንዳቸው 5.0000 ናቸው።

ድግግሞሽ፦ ደረጃዎቹ በተደገሙ ቁጥር ሁሌ ይታያል።

ማነጻጸሪያ፦ አንድ መስመር፣ ብዛት 3፣ ዋጋ 33.35 ሲሆን ስህተቱ አይታይም፤ ሁሉም ቦታ 15.01 ነው። ሦስት መስመር በ33.31 ሲሆን ወደ ተቃራኒው ይዞራል፤ ኢንቮይሱ 14.99፣ ሌጀሩ 15.00።

ጉዳቱ፦ በየወሩ ቫት ስናሳውቅ ሪፖርቱና የቫት ሂሳቡ አይታረቁም። ልዩነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ ከወር ድምር ላይ መጠኑ አይታወቅም።

አባሪ፦ የደረጃ 4፣ 5 እና 6 ስክሪንሾት፤ የጆርናሉ ኤክሴል።

---

ይኸው ነው። ከዚህ አይበልጥም። «ደጋግመን ብንነግራችሁም» የሚል ነገር አልገባበትም። ቅሬታዎ ተገቢ ነው፣ ግን ለሽያጭ ኃላፊው በሌላ ደብዳቤ ይሂድ። ይህንን የሚያነበው ፕሮግራመር የሚፈልገው ደረጃ 2ን እና 15.00 የሚለውን ቁጥር ነው። መንስኤውንም አልጻፍኩም። «ሌጀሩ በመስመር ስለሚያሰላ ነው» ብለው ቢጽፉና ምክንያቱ ትንሽ ለየት ያለ ሆኖ ቢገኝ «የተባለው ነገር የለም» ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። ያዩትን ይጻፉ፣ መንስኤውን እነሱ ይፈልጉ። ማነጻጸሪያው በቂ ፍንጭ ነው።

«አስቸኳይ» የሚለውንም ቃል ትቼዋለሁ። ሁሉም ደንበኛ አስቸኳይ ብሎ ስለሚጽፍ ክብደቱ ጠፍቷል። የሚቀጥለው ቫት የሚታወቅበትን ቀን ግን ጉዳቱ ሥር ቢጨምሩ ጥሩ ነው። ቀን ያለው ጉዳይ ይታያል።

ከላኩ በኋላ ከሚመጡት መልሶች አንዱ «እኛ ጋ ሞክረን አልታየም» ነው። አይናደዱ፣ ይህ ብዙ ጊዜ የቅንብር ልዩነት ነው። የእነሱን የቫት ማጠጋጋት ቅንብር ስክሪንሾትና ያዩዋቸውን ሦስት ቁጥሮች ይጠይቁ። እነሱ «በመስመር» ላይ አድርገው ሞክረው ከሆነ ኢንቮይሱም 15.00 ይላል፣ ልዩነትም አይኖርም። ያኔ ስህተቱ «በሰነድ» ሲመረጥ ብቻ እንደሚመጣ ታወቀ ማለት ነው። ያንን ሪፖርቱ ላይ ይጨምሩት።

ሌላው መልስ «ቅንብሩን ወደ በመስመር ቀይሩት» ነው። ለጊዜው ሊያሠራ ይችላል። ከመቀየርዎ በፊት ግን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በየትኛው መንገድ እንደሚያሰላ ይፈትሹ። ማሽኑ 15.01 እያተመ ሶፍትዌሩ 15.00 ቢል ችግሩን ወደ ከፋ ቦታ ወሰዱት። እዚያ ደግሞ የሚያስታርቁት ከደንበኛው ደረሰኝ ጋር ነው።

መልሱ እስኪመጣ ሂሳቡን መዝጋትዎ አይቀርም። ልዩነቱን በማስተካከያ ጆርናል ሲያስገቡ በየወሩ ለብቻው ያድርጉት። ማብራሪያው ላይ አቅራቢው የሰጠዎትን የጉዳይ ቁጥር ይጻፉ፣ በኢንቮይስ የተዛመደውን ኤክሴልም ያያይዙ። ኦዲተር ሲጠይቅ መልሱ እዚያው ነው። ልዩነቱን ከሌላ ወጪ ጋር ቀላቅሎ መዝጋት ግን ማስረጃውን ያጠፋዋል።

አስተካክለናል ብለው አዲስ ቨርዥን ሲልኩ ሦስቱንም ምሳሌዎች በሙከራ ድርጅቱ ላይ ይድገሙ። የተበላሸውን ብቻ አይደለም፣ ደህና የነበረውንም ጭምር። አንዱን ሲያቃኑ ሌላውን የሚያዛንፍ ማሻሻያ ብርቅ አይደለም። የክሬዲት ማስታወሻ ወይም የተመላሽ ሽያጭም ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ኮዱ የተለየ ስለሆነ ማስተካከያው እዚያ ላይደርስ ይችላል።

የድሮዎቹስ ኢንቮይሶች? ይህንን በጽሑፍ ይጠይቋቸው፦ «ማሻሻያው ከዚህ በፊት ፖስት የተደረጉትን ይነካል ወይ?» አንዳንድ አቅራቢ ዳታቤዙ ላይ ገብቶ የቆዩትን ቁጥሮች ልቀይርልህ ይላል። አይፍቀዱ። የተዘጋና ቫቱ የታወቀ ወር ውስጥ ያለ ጆርናል ከኋላ ሲቀየር ያተሙት ሪፖርትና ሲስተሙ አይገናኙም፣ ማን ለምን እንደቀየረው የሚያሳይ ዱካም አይኖርም። የቆየው እንዳለ ይቆይ። ማጠጋጋት ሂሳቡ ላይ የተጠራቀመውን ደግሞ ከእስካሁኑ የማስተካከያ ጆርናሎችዎ ጋር አስተያይተው፣ ተደርቦ እንዳይገባ ቀሪውን ብቻ በክፍት ወር፣ በሚታይ ጆርናል ወደ ቫት ሂሳቡ ያዙሩት።